ፎቶ ስትከረክሙ ሰውን የት አትቁረጡ፦ ከቁርጭምጭሚት እስከ ግንባር

ደሴ ላይ የምርቃት ሰሞን ሲደርስ ፎቶ ቤቶች ፋታ የላቸውም። ተመራቂው ጋውኑን ለብሶ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ፣ የጦሳን ተራራ ከጀርባው አድርጎ ይነሳል። ፎቶው ሲነሳ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲከረከም ነው። ካሜራው የሚሰጠው ቅርጽ አንድ ነው፣ ደንበኛው የመረጠው ፍሬም ሌላ ነው፣ ለፕሮፋይል የሚሆነው ደግሞ ሌላ። ስለዚህ የሆነ ነገር መቆረጡ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው እግር ነው፤ ያውም ልክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ።

እዚህ አንድ ፎቶ ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እንከረክመዋለን። ተመራቂ ልጅና እናቷ ጎን ለጎን የቆሙበት የሙሉ ቁመት ፎቶ ነው። ይህን ፎቶ የመረጥኩት አስቸጋሪ የሚባለው ነገር ሁሉ ስላለበት ነው። ሁለቱ ሰዎች ቁመታቸው ይለያያል። ጉልበታቸው በልብስ ተሸፍኗል። የልጅቷ አንድ እጅ እናቷን አቅፏል፣ ሌላው ደግሞ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ወደ ታች ወርዷል።

ለምን መገጣጠሚያ ላይ አይቆረጥም?

ፎቶው ላይ ያልታየውን የአካል ክፍል ዓይናችን ራሱ ይሞላዋል። ጭኑ መሃል ላይ የተቆረጠ ሰው ስናይ እግር የለውም ብለን አናስብም። ጭን ረጅም ነው፣ ቅርጹም ሳይቋረጥ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከፎቶው ጠርዝ ውጭም እንደሚቀጥል ይሰማናል።

መገጣጠሚያ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አንዱ አጥንት እዚያ ያልቃል፣ ሌላው እዚያ ይጀምራል። ቅርጹ ወይ ይጠባል፣ ወይ ይታጠፋል። የፎቶው ጠርዝ ልክ እዚህ ላይ ሲያርፍ ዓይን ሁለት ማለቂያ በአንድ ቦታ ያገኛል፤ የአካሉ ክፍልም የፎቶውም። ከዚያ ወዲያ የሚሞላው ነገር ያጣል። ሰውየው እግሩ እዚያው ያበቃ ይመስላል። ፎቶውን የሚያየው ሰው ምክንያቱን ላይናገር ይችላል። "የሆነ ነገር ደስ አላለኝም" ብሎ ያልፈዋል። እናንተ ግን መጀመሪያ የምታዩት ጠርዙን ይሁን።

ከመገጣጠሚያው ምን ያህል መራቅ ይበቃል? እኔ የምጠቀምበት ቀላል መለኪያ አለ። በሁለት መገጣጠሚያዎች መካከል ያለውን ቦታ በዓይን ሦስት ቦታ ክፈሉት። ጠርዙ በመካከለኛው ሲሶ ውስጥ ካረፈ ደህና ነው። በላይኛው ወይም በታችኛው ሲሶ ካረፈ ወደ መገጣጠሚያው ተጠግቷል ማለት ነው፤ ሆን ተብሎ የተቆረጠ ሳይሆን እጅ የሳተው ይመስላል።

ከታች ወደ ላይ፦ የት ይቆረጣል፣ የት አይቆረጥም

ከእግር እንጀምር። የእግር ጣትና ተረከዝ ካሉ ሙሉ በሙሉ ይኑሩ፤ ከጫማው በታችም ትንሽ መሬት ይታይ። ጫማው ጫፍ ላይ የተላጨ ፎቶ ሰውየውን የሚንሳፈፍ ያስመስለዋል። ከእግር ሁሉ የባሰው ቁርጭምጭሚት ላይ መቁረጥ ነው። እግር በጣም የሚቀጥነው እዚያ ስለሆነ ሁለት ቀጫጭን ጉቶዎች ይቀራሉ።

ባት መሃል ላይ መቁረጥ ይቻላል የሚሉ አሉ። ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት ይሻላል፤ ቢሆንም እኔ ብዙም አልመክረውም። እዚያ ድረስ ወርዶ ጫማውን የተወ ሰው "ትንሽ ነበር የቀረው" ያሰኛል። ሱሪ ለለበሰና እየተራመደ ላለ ሰው አንዳንዴ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ግን ወይ እግሩን ሙሉ አስገቡ፣ ወይ ከጉልበት በላይ ውጡ።

ጉልበት ላይ አትቁረጡ። ጉልበት ሰፊ ነው፤ ሎሚዋን ብቻ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለውን ቦታ ሁሉ እንደ ጉልበት ቁጠሩት። ከሱ በላይ ያለው የጭን መሃል ግን በቆመ ሰው ላይ ምርጡ መቁረጫ ነው። የድሮ የካውቦይ ፊልሞች ሰውን ከጭኑ መሃል ጀምረው ያሳዩ የነበረው ዳሌው ላይ የታጠቀው ሽጉጥ እንዲታይ ነው። ለእኛም የሚጠቅመን ምክንያት ተመሳሳይ ነው። ሰው እጁን ወደ ታች ሲያወርድ ጣቶቹ ጭኑ መሃል አካባቢ ይደርሳሉ። ጠርዙን ከጣቶቹ ትንሽ ዝቅ ካደረጋችሁ እጁም ይተርፋል፣ ጉልበቱም ከነአካቴው ይወጣል።

ዳሌና ብሽሽት ላይ መቁረጥ የለም። እግር ከግንድ የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ነው፤ በዚያ ላይ ዓይንን ወደማይፈለግ ቦታ ይወስደዋል። ወገብ ላይ ይቻላል፤ እምብርት አካባቢ ወይም ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ። እዚህ ግን ክርንን ጠብቁ። እጁን ያወረደ ሰው ክርኑ ከእምብርቱ ብዙም አይርቅም። ወገቡ ላይ ጥሩ ቆረጥኩ ስትሉ ክርኖቹ ልክ ጠርዙ ላይ አርፈው ታገኟቸዋላችሁ። እንዲህ ሲሆን ወደ ደረት ከፍ በሉ፤ ክንዱ በትከሻና በክርን መሃል ይቆረጣል፣ ችግሩም ይፈታል። የሴት ፎቶ ከሆነ ጠርዙ ጡት ላይ እንዳያርፍ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ማለት ነው።

እጅ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። የእጅ አንጓ ላይ የተቆረጠ እጅ ከቁርጭምጭሚቱ እኩል ያስከፋል። ጣቶች ብቻ የተቆረጡበት ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ከፊት ቀጥሎ ዓይን የሚሄደው ወደ እጅ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ መዳፉን ከነጣቶቹ ሙሉ አስገቡ፤ ካልሆነ በክርንና በአንጓ መሃል ቁረጡና መዳፉን ጭራሽ አስወጡት። ግማሽ መዳፍ የሚባል ነገር አይኑር።

ክርን ሲታጠፍ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ወገቡን ይዞ የቆመ ሰው ክርኑ ወደ ጎን ይወጣል። የጎኑ ጠርዝ ክርኑን ከቆረጠው ከላይ የሚመጣው ክንድና ከታች የሚመለሰው ክንድ ተለያይተው ሁለት የማይገናኙ ዘንጎች ይሆናሉ። ክርኑ ጠርዙን ነክቶ ሲቆምም ጥሩ አይደለም፤ ፎቶው የጠበበው ይመስላል። ወይ በደንብ አየር ስጡት፣ ወይ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ክንዱን ከትከሻ በታች ቁረጡት።

አንገት ላይ መቁረጥ ጭንቅላትን ከአካል መለየት ነው። ፊትን በጣም ስታቀርቡም ቢያንስ የትከሻው መጀመሪያ ይታይ። ከላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የጭንቅላት አናትና ግንባር መቁረጥ ይፈቀዳል፤ አገጭ መቁረጥ ግን አይፈቀድም። ፊት በጣም በቀረበበት ፎቶ ፀጉሩን ወይም የግንባሩን ላይኛ ክፍል ደፍራችሁ ቁረጡ። የፀጉሩን ጫፍ ብቻ መላጨት ግን ስህተት ይመስላል። ስለዚህ ወይ ከአናቱ በላይ ክፍት ቦታ ተዉ፣ ወይ በግልጽ ግቡበት።

ልብስ የሸፈነውን መገጣጠሚያ ማግኘት

ኮምቦልቻ ወረድ ስትሉ ቆላማ ነውና አጭር እጅጌ ይበዛል። ክርኑም አንጓውም ፊት ለፊት ይታያል። ደሴ ላይ ግን ብርዱ ሰውን ጃኬት ያስለብሰዋል፣ ሽማግሌው ጋቢ ይደርባል። በምርቃት ቀን ደግሞ ጋውንና የሀበሻ ቀሚስ አለ። ጉልበቱ አይታይም። አይታይም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ዓይን ከትከሻና ከወገብ ተነስቶ ቦታውን ይገምተዋል። ልክ እዚያ ስትቆርጡ ሰውየው አጭር ወይም ተንበርክኮ የቆመ ይመስላል።

ጉልበትን ከልብስ በታች ለማግኘት ሰውየውን ከአናቱ እስከ ጫማው ለኩ። ለቆመ አዋቂ ሰው ጉልበት ከመሬት ሩብ ከፍታውን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ብሽሽት ከቁመቱ ግማሽ ላይ ወይም ከዚያ በትንሹ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የጭኑ መሃል በነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። እጁ ቀጥ ብሎ ከወረደ ደግሞ መለካት ሳያስፈልግ የጣቶቹ ጫፍ ይነግራችኋል።

ልብስ የራሱንም ጠርዝ ያመጣል። የጋውን ጫፍ ባት ላይ ያበቃል። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ከታች ዙሪያውን ይሄዳል። የፎቶውን ጠርዝ በልብሱ ጠርዝ ላይ አታሳርፉት። ልብሱ የሚያልቅበትና ፎቶው የሚያልቅበት መስመር አንድ ሲሆን ልክ መገጣጠሚያ ላይ እንደመቁረጥ ይሆናል። ጥለቱን ደግሞ ግማሹን አትቁረጡት። ቀሚሱን ያሠራችው ሴት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ወይ ሙሉ ይታይ፣ ወይ ከጭን በላይ ወጥታችሁ ሙሉ በሙሉ ተዉት።

አሁን ወደ ፎቶው

ፎቶው በቁም የተነሳ ነው፤ ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 6000 ፒክስል። ከላይ ወደ ታች ስንቆጥር የልጅቷ የምርቃት ኮፍያ ጫፍ 700 ላይ ነው። የሁለቱም ጫማ 5500 ላይ ያርፋል። እናት አጠር ስለሚሉ አናታቸው 1200 ላይ ይጀምራል። ደንበኛዋ የምትፈልገው 20 በ25 ሴንቲሜትር ነው፣ በፍሬም።

*መጀመሪያ ፎቶውን አስተካክሉ።* ደሴ ሜዳ የለውም ማለት ይቻላል። መንገዱም ደጃፉም ያዘነበለ ነው። ያ ተዳፋት ካሜራ የያዘውን ሰው ያሳስተውና ፎቶው ዘንበል ብሎ ይመጣል። የምታስተካክሉት ግን በመሬቱ መስመር አይደለም፤ መሬቱ እውነትም ያዘነበለ ነው። የግድግዳ ማዕዘን፣ የበር መቃን ወይም የመብራት ምሰሶ ፈልጉና እሱን ቀጥ አድርጉ። ይህን ከመከርከም በፊት የምታደርጉት ማዞር ቦታ ስለሚበላ ነው። ይህን ፎቶ በ3 ዲግሪ ብታዞሩት ቅርጹን ሳይለቅ ከ6000ው የሚተርፈው 5570 ገደማ ብቻ ነው። ከላይም ከታችም ከ200 በላይ ይሄዳል። የእኛ ፎቶ ቀጥ ያለ ነው እንበልና እንቀጥል።

*ቀጥሎ መጠኑን ቆልፉ።* የምትከረክሙበት ፕሮግራም ምንም ይሁን ምን መጠኑን መጀመሪያ ያዙት። በጂምፕ ከሆነ `Shift+C` ስትጫኑ መከርከሚያው ይመጣል። `Fixed` የሚለውን አብርታችሁ፣ 20 በ25 ማለት 4 ለ5 ስለሆነ `4:5` ጻፉበት። `Delete cropped pixels` የሚለውን ግን አጥፉት፤ የተቆረጠው ክፍል አይጠፋም፣ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ትመልሱታላችሁ። በነፃ ከርክሞ በኋላ ለወረቀቱ እንደገና መከርከም ድርብ ሥራ ነው። በሁለተኛው ላይ በጥንቃቄ ያስቀመጣችሁት ጠርዝ ተመልሶ ጉልበት ላይ ይወድቃል።

*አሁን የታችኛውን ጠርዝ ምረጡ።* ብዙ ሰው ከፊት ይጀምራል። ፊቱን ቆንጆ ቦታ ላይ ካስቀመጠ በኋላ የታችኛው ጠርዝ የትም ቢያርፍ ግድ አይሰጠውም። እኔ ግን ሁልጊዜ ከታች ጀምሩ እላለሁ። ፊት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አይጎዳም፤ ጠርዝ ግን ትንሽ ሲሳሳት ከጭን ወደ ጉልበት ይሄዳል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ሙሉ ቁመታቸውን ማስገባት ነው። ወርዱን ሙሉ 4000 ብንወስድ 4 ለ5 የሚሰጠን ቁመት 5000 ነው። ከኮፍያው እስከ ጫማው ያለው 4800 ነው። 200 ይተርፈናል፣ ከላይ 100 ከታች 100። ስክሪን ላይ ሲታይ ይበቃል። ሲታተም ግን 5000 ፒክስል 25 ሴንቲሜትር ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ 100 ፒክስል ማለት 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የፍሬሙ ከንፈር ደግሞ ዙሪያውን ያንኑ ያህል ሊሸፍን ይችላል። የኮፍያውም የጫማውም ጫፍ እንጨቱ ስር ገባ ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ከሌላ ቦታ የታተመና ፍሬም የገባ ፎቶ ይዘው መጥተው "ልጄ፣ ጫማዬን የት አደረሱት?" ብለው ጠይቀዋል። ፍሬሙ ሲፈታ ጫማው ወረቀቱ ላይ አለ። ፍሬሙ ስር ተደብቆ፣ ከውጭ ሲታይ ልክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተቆረጠ ሆኖ ነበር። "እማማ፣ ጫማዎ እዚሁ አለ" ብሎ ማሳየት ቀላል ነው፤ ግድግዳ ላይ ግን እንዲያ ሆኖ አይሰቀልም። ስለዚህ ከመከርከማችሁ በፊት ፍሬሙን ገልብጣችሁ ከንፈሩን በማስመሪያ ለኩት። የምትመርጡት ጠርዝ ያ ከተቀነሰ በኋላም ደህና መሆን አለበት።

ሁለተኛው ፈተና ለኮፍያው አየር ለመስጠት መከርከሚያውን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ኮፍያው ይተነፍሳል፣ የታችኛው ጠርዝ ግን 5300 ላይ ይወጣል። ያ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ነው። ወደ 4700 ከፍ ብንልስ? የልጅቷ ጋውን የሚያልቀው እዚያ ነው። የልብሱና የፎቶው ጠርዝ ተጋጠሙ። 4200ስ? የልጅቷ ጉልበት 4175 አካባቢ፣ የእናቷ ደግሞ 4275 አካባቢ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ምት መታን።

ስለዚህ ወደ ጭን መሃል እንወጣለን። የልጅቷ ብሽሽት 3200፣ ጉልበቷ 4175 ከሆነ መሃሉ 3700 ገደማ ነው። የእናት ትንሽ ዝቅ ብሎ 3880 ላይ ይሆናል። 3850 ብንይዝ ለሁለቱም በመካከለኛው ሲሶ ውስጥ ነው። ሁለት የተለያየ ቁመት ያላቸው ሰዎች ሲኖሩ የምትፈልጉት ለአንዱ ምርጥ የሆነውን ሳይሆን ለሁለቱም ደህና የሆነውን መስመር ነው።

*እጆቹን ፈትሹ።* ልጅቷ ወረቀቱን የያዘችበት እጅ 3600 ላይ ያበቃል። ጠርዙ 3850 ላይ ስለሆነ እጁ ሙሉ ገብቷል፣ ከሥሩም ትንሽ ቦታ አለ። የወረቀቱ ጥቅል ጫፍ ጠርዙን አልፎ ቢወጣ ግድ የለም፤ ዕቃ ሲቆረጥ እንደ አካል አያስከፋም። የእናት እጆች ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ይዘዋል፣ ምንም አልነካቸውም።

*ከዚያ ጎኖቹን።* ከላይ ለኮፍያው 250 ያህል አየር ሰጥተን ጠርዙን 450 ላይ ብናደርግ ቁመቱ 3400 ይሆናል፤ 4 ለ5 ስለቆለፍን ወርዱ 2720። ሁለቱ ሰዎች ከነክርናቸው 2300 ያህል ይይዛሉ። በየጎኑ 200 ገደማ ይተርፋል። የልጅቷ የውጭ ክርን ነፃ ነው። በእናት በኩል ደግሞ ከጀርባ ዞሮ የመጣው የልጅቷ እጅ ትከሻቸው ላይ ጣቶቹ ብቻ ይታያሉ። እነዚያን ጣቶች ጠብቁ። ክንዱ ስለማይታይ ጠርዙ ትንሽ ቢነካቸው ባለቤት የሌላቸው ጣቶች ይሆናሉ። እዚህ በቂ ቦታ ስላለ ተርፈዋል። ቦታ ቢያንስ ኖሮ ሁለቱን ሰዎች ወደ መሃል ከማድረግ ይልቅ ለጣቶቹ ጎን ትንሽ አዳላ ነበር።

ጥራቱስ? 2720 ፒክስል በ20 ሴንቲሜትር ላይ ሲተኛ በሴንቲሜትር 136 ይመጣል። ለጥሩ ህትመት 118 ስለሚበቃ ፒክስል ተርፎናል። ፍሬሙ 5 ሚሊሜትር ቢሸፍን ከታች የሚሄደው 68 ፒክስል ነው፤ ጠርዙ 3782 ላይ ይሆናል። አሁንም ጭን መሃል፣ አሁንም ከእጁ በታች። ይህን ፎቶ በሰላም ማሳተም ይቻላል።

እናትየዋ "የለም፣ ጫማዬና ጥለቴ ይታይ" ካሉ ደግሞ የሚለወጠው ፎቶው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። 20 በ30 ልክ እንደ ካሜራው 2 ለ3 ነው፤ ፎቶው ምንም ሳይቆረጥ ይገባበታል። ከጫማው በታች 2 ሴንቲሜትር ተኩል መሬት ይተርፋል። ደንበኛን "ፍሬሙን እንቀይረው?" ብሎ መጠየቅ አያስነውርም። ፎቶው ሳይታተም በፊት መጠየቅ ግን አለበት።

*በመጨረሻ አሳንሳችሁ እዩት።* ፎቶውን ስክሪኑ ላይ የጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱና ዙሪያውን ብቻ ተመልከቱ። ትልቅ ሆኖ ሲታይ ፊቱ ይስባችኋል። ሲያንስ የሚያስከፋው ጠርዝ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል።

ሕጉ የሚያስቸግርበት ቦታ

ልጅቷ ከዚሁ ፎቶ ራሷን ብቻ ለቴሌግራም ፕሮፋይል ትፈልጋለች እንበል። አይሆንም። ክንዷ እናቷ ጀርባ ላይ ነው፤ እሷን ስትነጥሉ የእናት ግማሽ ፊት ወይም ትከሻ ይገባል፣ ክንዷም የትም ሳይደርስ ይቀራል። በዚያ ላይ ፕሮፋይል ክብ ነው። አራቱን ማዕዘን ይበላል፤ አራት ማዕዘን ላይ የተረፈ ትከሻ ክቡ ላይ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን በመከርከም አታሳኩትም። የብቻዋን የተነሳችውን ፈልጉ።

የተቀመጠ ሰውም ሌላ ነው። ጭኑ ወደ ካሜራው ስለሚመጣ ያጥራል፣ ጭን መሃል የሚባለው ምቹ ቦታ ይጠፋል። ጉልበቱን ሙሉ አስገብታችሁ ባት መሃል ላይ ቁረጡ፣ ወይም ወደ ደረት ውጡ። ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ከተቀመጠ የሕፃኑን እግር ሙሉ አስገቡ። ሕፃን ትንሽ ስለሆነ የትም ብትቆርጡት ከመገጣጠሚያ አትርቁም።

የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሰው በመደዳ ሲቆም ዋናው አደጋ ዳር ያሉት ናቸው። ጎን ላይ የቆመው አጎት ክንዱ በቁመቱ ከተሰነጠቀ ሰውየው ተርፎ የተጨመረ ይመስላል። በቁመት ክንድን መሰንጠቅ በአግድም ከመቁረጥ የከፋ ነው። ረጅም መደዳ ካለ ለ4 ለ5 አትታገሉት፤ በአግድም ይታተም።

ሲነሳ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተቆረጠ ፎቶ ከመጣላችሁ እግሩን መመለስ አይቻልም። ያላችሁ አንድ መንገድ ወደ ጭን መሃል መውጣት ነው፤ ብዙ ጊዜም ያድነዋል። ያን ለማድረግ ግን ፒክስል ያስፈልጋል። ደንበኛ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲልክላችሁ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ወርዶ ይደርሳል። የእኛን ፎቶ እንዲያ ሆኖ አስቡት። ከኮፍያው በላይ ጀምሮ ጭን መሃል ድረስ ያለው ክፍል 725 ፒክስል ብቻ ይሆናል፤ በጥራት የሚታተመው ወደ 6 ሴንቲሜትር ቁመት ነው። ከጉርድ ፎቶ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከመከርከማችሁ በፊት "እንደ ፋይል ላክልኝ" በሉት።